ለነሐሴ የሚበቃ ፓኔል

ሐምሌ ከገባ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ሶላር የሚገጥሙ ባለሙያዎች ዘንድ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይደጋገማል፦ «ባትሪው ሞተ።» ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለ ችግር ሲያበራ የከረመው ሶላር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ድንገት ይጠፋል፤ ኢንቨርተሩ ይጮኻል፤ ፍሪጁ ይቆማል። ባለቤቱ ገንዘብ አፈላልጎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። አዲሱም ሳምንት ሳይሞላው እንደ አሮጌው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ምንም አልሆነም ነበር። የጎደለው ጣሪያው ላይ ነው፤ ፓኔሉ ለጥር ፀሐይ ተለክቶ የተገዛ እንጂ ለነሐሴ ደመና የሚበቃ አልነበረም።

በአውሮፓ ፀሐይ የምትደክመው በክረምታቸው ዝቅ ብላ ስለምትሄድና ቀኑ ስለሚያጥር ነው። የእኛ ክረምት ግን ሌላ ነው። በሐምሌ ቀኑ ከታኅሣሥ ይረዝማል፤ ፀሐይዋም ከአናታችን ብዙ አትርቅም። የሚያደክማት ደመናው ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ሦስት ነገሮችን ይወስናል፦ ስንት ፓኔል እንደሚያስፈልግ፣ በምን ያህል ዘንበል ብሎ እንደሚሰቀልና መጠባበቂያው ምን መሆን እንዳለበት።

የፀሐይን ጉልበት ለመለካት ባለሙያዎች «የሙሉ ፀሐይ ሰዓት» የሚሉት መለኪያ አላቸው። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አንዴ ጠንከር አንዴ ለስለስ እያለች የምትሰጠው ሁሉ ተጠቃሎ፣ በእኩለ ቀን ጥርት ባለ ሰማይ ከምትሰጠው ጋር ሲነጻጸር ስንት ሰዓት ይሆናል እንደማለት ነው። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ በበጋ ወራት በቀን ወደ 6 ሰዓት ይገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በሚበዛበት ምዕራባዊው ደጋ ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። 4 ደግሞ አማካይ ነው። ክረምት ላይ ከሰዓት በፊት ገለጥ የሚልባቸው ጥሩ ቀናት አሉ፤ ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይከፈት የሚውልባቸው፣ 1.5 ሰዓት እንኳ በጭንቅ የሚገኝባቸው ቀናትም አሉ። ሶላርን የሚጥሉት እነዚህ ጨለማ ቀናት ተከታትለው ሲመጡ ነው።

በቁጥር እንየው። በአዊ ዞን፣ እንጅባራ አካባቢ፣ መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ውስጥ አንድ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለ እንበል። ኢንሱሊንና ቅዝቃዜ የሚፈልጉ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስቀምጥበት አነስተኛ ፍሪጅ በቀን 600 ዋት ሰዓት ይበላል። አምስት አምፖሎች ማታ ማታ ሲበሩ 200፣ ላፕቶፕና ስልኮች 240 ይወስዳሉ። እስካሁን 1,040 ነው፤ ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋል። ኢንቨርተሩ ግን ምንም ሳይሰካበት ራሱን ለማንቃት ብቻ 15 ዋት ያህል ይጠጣል፤ ቀንና ሌሊት ከበራ በቀን 360 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ድምሩ 1,400 ይሆናል። ከጠቅላላው ሩብ የሚሆነውን የሚወስደው ማንም ያልቆጠረው ዕቃ ነው።

ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ዋት ሁሉ ጥቅም ላይ አይውልም። ሽቦው፣ ሙቀቱ፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ባትሪውና ኢንቨርተሩ እየተቀባበሉ ያጎድሉታል፤ ስለዚህ 70 በመቶው ይደርሳል ብሎ ማሰብ ይሻላል። እንግዲህ በበጋ፣ 6 ሰዓት ፀሐይ ሲኖር፣ ባለ 350 ዋት አንድ ፓኔል በቀን 1,470 ዋት ሰዓት ይሰጣል። የሚፈለገው 1,400 ስለሆነ ሻጩ «አንድ ፓኔል ይበቃል» ሲል አልዋሸም። ለጥር ይበቃል።

በነሐሴ አማካይ ቀን ያው ፓኔል 980 ብቻ ይሰጣል። በየቀኑ 420 ይጎድላል። ባትሪው 24 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ከሆነ ሳይጎዳ የሚወጣለት ወደ 2,050 ዋት ሰዓት ነው፤ በቀን 420 እየተበላ አምስት ቀን ሳይሞላው ያልቃል። አምስተኛው ቀን ላይ ባለቤቱ ባትሪው ሞተ ይላል። ሁለተኛ ባትሪ ቢጨምርበትስ? አሥር ቀን ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ 60 ቀን ናቸው። ጎተራ ቢሰፋ እህል አይጨምርም፤ ባትሪም እንዲሁ ነው። የቀኑን ለሌሊት፣ የዛሬን ለነገና ለተነገ ወዲያ ያቆያል እንጂ የወቅትን ጉድለት አይሞላም። ክረምቱ ሲመጣ በባትሪ ላይ የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው፤ ያው ገንዘብ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ችግሩን ይፈታው ነበር።

አሁን ፓኔሉን እናሳድግ። በአማካዩ ብቻ ብንሄድ፣ 1,400ን በ4 ሰዓትና በ70 በመቶ ስናካፍል 500 ዋት ይወጣል። ይህ ከ350 ይሻላል፤ ነገር ግን ምንም ትርፍ ስለሌለው አንድ ጨለማ ቀን ያጎደለውን በማግስቱ መመለስ አይችልም። እኔ የምለካው በአማካዩ ሳይሆን በመጥፎው ሳምንት ነው፤ ለዚያ ሳምንት 2.5 ሰዓት እይዛለሁ። 1,400 በ2.5 እና በ70 በመቶ ሲካፈል 800 ዋት ይሆናል፤ ባለ 400 ዋት ሁለት ፓኔሎች ማለት ነው። ለበጋው ከሚያስፈልገው ከእጥፍ ይበልጣል።

ይህ ትርፍ ምን እንደሚሠራ እንከተለው። 1.5 ሰዓት ፀሐይ ብቻ ባለበት ክፉ ቀን 800 ዋቱ 840 ዋት ሰዓት ያስገባል። የሚጎድለው 560 ነው፤ ሙሉ የነበረ ባትሪ ከሦስት ቀን በላይ እንዲህ ይዘልቃል። ከዚያ አንድ አማካይ ቀን ሲመጣ 2,240 ይገባና ከፍጆታው 840 ይተርፋል፤ የአንድ ቀን ተኩል ጉድለት በአንድ ቀን ይመለሳል። በ350 ዋቱ ግን በዚያው ክፉ ቀን ከ1,000 በላይ ስለሚጎድል ባትሪው በሁለተኛው ቀን ያልቃል፤ ካለቀ በኋላም በአማካይ ቀን እንኳ የሚተርፍ የለምና ተመልሶ አይሞላም። ፓኔልን ማብዛት የሚጠቅመው በጨለማው ቀን በሚያስገባው ብቻ ሳይሆን፣ ከጨለማው ቀን በኋላ ባትሪውን ቶሎ በመመለሱም ጭምር ነው።

የፓኔል ዋጋ በዓለም ገበያ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት እጅግ ወርዷል፤ ዛሬ ከአንድ አነስተኛ ሶላር ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪውና ኢንቨርተሩ ነው። ፓኔል ደግሞ ነዳጅ አይጠጣም፣ የሚያልቅ ዘይት የለውም፣ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ስለዚህ ጭነቱ እንደ መድኃኒት ቤቱ ትንሽ ሲሆን አስቀድሞ የሚጨመረው ፓኔል ነው።

ይሁንና ፓኔል ሲጨመር አንድ ነገር በጥብቅ መታየት አለበት፦ ቮልቴጁ። ኮንትሮለሩ ከአቅሙ በላይ ዋት ቢመጣበት፣ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ከሆነና አምራቹ የፈቀደው የፓኔል መጠን ካልታለፈ፣ የሚችለውን ወስዶ ሌላውን ይተወዋል። የሚተወውም ጥርት ባለ የበጋ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ባትሪው ሞልቶ ስለሚውል የሚጎዳ ሰው የለም። ከአቅሙ በላይ ቮልቴጅ ከመጣ ግን ይቃጠላል። አንድ ባለ 400 ዋት ፓኔል ምንም ሳይሰካበት 37 ቮልት ያህል ይኖረዋል። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 74 ይሆናሉ። ብርድ ደግሞ ቮልቴጅን ይጨምራል፤ በደጋ የኅዳር ማለዳ 5 ዲግሪ ላይ ወደ 79 ይጠጋል። 100 ቮልት የሚችል ኮንትሮለር ይህን ይሸከማል። «አንድ ልጨምርበት» ተብሎ ሦስተኛው በዚያው መስመር ከተቀጠለ ግን 111 ቮልት ይደርስና፣ ምናልባት በመጀመሪያው ማለዳ፣ ኮንትሮለሩ ይሞታል። ሦስተኛና አራተኛ ፓኔል ካስፈለገ ሌላ ጥንድ ሆኖ በትይዩ ይገባል። በጄል ወይም በሌላ እርሳስ አሲድ ባትሪ ደግሞ የሚገባው አምፔር ገደብ አለው፤ ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 20 አምፔር አካባቢ ነው። ይህ ኮንትሮለሩ ላይ ይስተካከላል።

አሰቃቀሉም ከክረምቱ ጋር ይያያዛል። ከውጭ በሚመጡ መመሪያዎች ላይ «30 ዲግሪ ወደ ደቡብ» የሚል አለ። ለአውሮፓ የተጻፈ ነው። በእንጅባራ ኬክሮስ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ፀሐይ በእኩለ ቀን የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ፓኔል በሐምሌ ከእርሷ ዞር ብሎ ይውላል። ደመናው ሲሸፍናት ደግሞ ብርሃኑ ከመላው ሰማይ ተበትኖ ስለሚመጣ ጠፍጣፋ የተኛ ፓኔል ይበልጥ ይሰበስባል። ለዚህ አገር 10 ዲግሪ ያህል ይበቃል፤ ዝናቡ ውኃ ሳያቋጥር አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ ያን ያህል ዘንበል ማለቱ ብቻ ያስፈልጋል። በአጥሩ ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍ በየዓመቱ እንደሚያድግም መርሳት የለብንም፤ አምና ያላጠላ ዛፍ ዘንድሮ ሊያጠላ ይችላል።

ታዲያ ለምን 1,300 ዋት አንሰቅልም? በዚያ ልክ ከተሰቀለ 1.5 ሰዓት ባለበት ቀን እንኳ ፍጆታው ይሸፈናል ማለት ይቻላል። ግን ከ350 ወደ 800 ያለው ጭማሪ አብዛኛውን የክረምት ምሽት ሲያድን፣ ከ800 ወደ 1,300 ያለው የሚያድነው በዓመት ጥቂት ቀናትን ብቻ ነው። ተጨማሪው ፓኔል፣ ብረቱ፣ ኮንትሮለሩና የጣሪያው ቦታ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ሲሉ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣሉ። መጠባበቂያ ቦታው እዚህ ነው፦ ፓኔሉ ለመጥፎው ሳምንት ይለካል፣ ከዚያ የባሱት ቀናት ለጄኔሬተር ወይም ለሌላ ምንጭ ይተዋሉ። ጭነቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ወፍጮ ወይም የብየዳ ሥራ ካለ፣ የፓኔል ማብዛቱ መንገድ ቶሎ ያልቃልና ሚዛኑ ወደ መጠባበቂያው ያደላል።

ጄኔሬተር ሲገዛ ደጋውን ማሰብ ግድ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች 1,000 ዋት ተብሎ የተሸጠ የቤንዚን ጄኔሬተር በዚያ የሚሰጠው ወደ 750 ነው። ለቆላ የተስተካከለው ካርቡሬተርም ነዳጅ አብዝቶ ስለሚሰጥ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፣ ሻማውንም ያጠቁራል። ምልክቱ ይህ ከሆነ ሞተሩ አልተበላሸም፤ ካርቡሬተሩ ለከፍታው መስተካከል ይፈልጋል።

ለመድኃኒት ቤታችን ይህ 750 ዋት ይበቃል። 24 ቮልት፣ 20 አምፔር ቻርጀር ከጄኔሬተሩ 600 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህ ጥሩ ጭነት ነው፤ ጄኔሬተር ለሁለት አምፖል ብቻ ሲሠራ ለሚሰጠው ትንሽ ኃይል ብዙ ነዳጅ ያባክናል። ሁለት ሰዓት ቢሠራ ባትሪው ውስጥ 1,000 ዋት ሰዓት ያህል ያስገባል፤ የሁለት ክፉ ቀናት ጉድለት ማለት ነው። የሚጠጣውም አንድ ሊትር ገደማ ቤንዚን ነው። ጄኔሬተሩን አምፖሎቹ ሲጠፉ በቀጥታ አምፖል ለማብራት መጠቀም ግን በዚያው ነዳጅ የአንድ ምሽት ብርሃን ብቻ መግዛት ነው። ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ መሥራት አለበት፤ ዝናብ ነው ተብሎ ወደ ውስጥ የገባ ጄኔሬተር ጭሱ ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል።

መቼ እንደሚነሣም በባትሪው ዓይነት ይለያል። እርሳስ አሲድ ባትሪ ሲጎድል ብዙ አምፔር ይቀበላል፤ ከሞላ ጎደል ሲሞላ ግን የመጨረሻውን ክፍል ለመቀበል ሰዓታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ማለዳ ተነሥቶ ቶሎ የሚሞላውን ይሙላ፤ ዝግታ የሚጠይቀውን ደካማዋ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ትጨርሰው። ሊትየም ግን ሙሉ ካልሆንኩ ብሎ አይታመምም። ማለዳ ላይ ጢም አድርጎ መሙላት ከሰዓት ፀሐይ ብቅ ብትል ቦታ ማሳጣት ነው። ለእርሱ እስከ ዘጠኝና አሥር ሰዓት መጠበቅ፣ ሰማዩ እንዳልከፈተ ከተረጋገጠ በኋላ አንሥቶ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ሲል ማቆም ይበጃል።

እርሳስ አሲድ ባትሪን ክረምት በእርግጥ የሚገድልበት መንገድም አለ። ሳምንታት ሙሉ ሳይሞላ ሲቆይ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ መስከረም ላይ ፀሐይ ብትመለስም ያ አቅም አይመለስም። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ባትሪው ቻርጅ ካቆመና ጭነቱ ከተነቀለ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቮልቴጁን መለካት ነው። የ12 ቮልት ባትሪ 12.7 ካለ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12.0 ከሆነ በጣም ጎድሏል። ማለዳ ማለዳ ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ፓኔሉ አልበቃም፤ አንድ ማለዳ ብቻ ወርዶ ከተመለሰ ደግሞ የሚያሳስብ አይደለም። በሊትየም ይህ መለኪያ አይሠራም፤ ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ ድረስ ባለበት ስለሚቆይ የገባና የወጣ አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልገዋል።

መብራት እየመጣ በሚጠፋባቸው ከተሞች ጄኔሬተር ሳይገዛም ይቻላል፤ መጠባበቂያው መብራቱ ራሱ ነው። በብዙዎቹ ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች ላይ ይህ የሚወሰነው በሁለት ማስተካከያዎች ነው። ቁጥር 01 ላይ `SBU` ከተመረጠ ፀሐይና ባትሪ ይቀድማሉ፣ መብራት የሚገባው ሲያልቁ ነው። ቁጥር 16 ላይ ደግሞ `OSO` ካለ ባትሪውን የሚሞላው ሶላር ብቻ ነው፤ `SNU` ከሆነ ሶላርና መብራት አብረው ይሞሉታል። በበጋ `OSO` ሆኖ የቆየው ኢንቨርተር ክረምት ሲገባ ወደ `SNU` ካልተቀየረ፣ መብራት ሌሊቱን ሙሉ መጥቶ ሳለ ባትሪው ባዶውን ሊያድር ይችላል። ቁጥሮቹ እንደ ሞዴሉ ሊለያዩ ስለሚችሉ መመሪያውን ማየት ይገባል።

ከፓኔልም ከጄኔሬተርም የሚረክስ አንድ ነገር ይቀራል፤ ፍጆታን ለሁለት ወር መቀነስ። የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ በቀጥታ ከባትሪው የሚሠራ የዲሲ ፍሪጅ ከሆነ ኢንቨርተሩ ላፕቶፕ ሲሰካ ብቻ ይበራል። የሚድነው 360 ዋት ሰዓት በመጥፎው ሳምንት የ200 ዋት ፓኔል ሥራ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ በውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች ቢቀመጡበት ቀን ሲቀዘቅዙ ይውሉና ሌሊት ቅዝቃዜውን ያቆያሉ፤ ቴርሞሜትሩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆኑ ግን ይታይ፤ የበረደ ኢንሱሊን እንደ ሞቀው ሁሉ ይበላሻል። በጤና ኬላዎች የሚገኙት ያለ ባትሪ የሚሠሩ የክትባት ፍሪጆችም በዚህ መርሕ ተሠርተዋል፤ ፀሐይ ስትኖር በረዶ ወይም ሌላ ቅዝቃዜ ያዥ ነገር እያቀዘቀዙ ያከማቻሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ያለ ፀሐይ ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲቆዩ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ለራሱ ቦታ ማስላት የሚፈልግ ሰው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ማዕከል በነጻ ያቀረበውን `PVGIS` የተባለ ድረ ገጽ መክፈት ይችላል፤ አፍሪካንም ይሸፍናል። ካርታው ላይ ቦታው ይነካል፣ ከመብራት ውጭ ለሆነ ሶላር የተዘጋጀው ክፍል ይመረጣል፣ የፓኔሉ ዋት፣ የባትሪው ዋት ሰዓትና የቀን ፍጆታው ይሞላሉ። ያለፉ ዓመታት የፀሐይ መረጃን ተከትሎ በየወሩ ባትሪው ከመቶው ስንት ቀን እንደሚሞላና ስንት ቀን እንደሚያልቅ ያሳያል። ዓመታዊውን አማካይ ማየት አያስፈልግም፤ ዐይን የሚሄደው የፈረንጆቹ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ፓኔሉን መቶ መቶ ዋት እየጨመሩ ሲሞክሩት ባዶ የሚያድርባቸው ቀናት በፍጥነት እያነሱ ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ መቀነሱ ይዘገያል። ከዚያ በላይ ፓኔል ከመግዛት ይልቅ ለቀሩት ቀናት ጄኔሬተሩን ማዘጋጀት ይሻላል፤ ያም በሰኔ ይሁን። ዓመት የተቀመጠ ቤንዚን ካርቡሬተር ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃልና አሮጌው ተደፍቶ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶበት ግማሽ ሰዓት ይሞከር፤ ሲያበቃም የነዳጅ ቧንቧው ተዘግቶ ሞተሩ በካርቡሬተሩ የቀረውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይተው።